የ600 ብር ክሊፕ ማይክ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ለእህቴ ልጆች ተረት እያነበብኩ እቀዳለሁ። ለዚህ ብዬ ነው ሸሚዝ ላይ የሚሰካ ባለገመድ ክሊፕ ማይክ በ600 ብር የገዛሁት። ስምንት ወር ሆነው፣ ስፖንጁ ከመጥፋቱ በቀር እስካሁን ደህና ነው።

የመጀመሪያው ወር ግን በከንቱ አለፈ። ድምፄ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። ማይኩን ስረግም ከረምኩና አንድ ቀን እየቀዳሁ ጫፉን በጥፍሬ ጫር ጫር አደረግኩት፤ ስሰማው ምንም የለም። የስልኩን ታች ስጭር ግን ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ገባ። ለካ ስልኬ ማይኩን ጭራሽ አላወቀውም! ስልኬ የኢርፎን ቀዳዳ ስለሌለው የገዛሁት ኮንቨርተር ድምፅ ያወጣል እንጂ አያስገባም። ማይክ የሚቀበል ኮንቨርተር ቀየርኩ። እናንተም ከሱቅ ሳትወጡ ጭራችሁ ሞክሩት።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ሳሎን ውስጥ ስቀዳ አልጠራም። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ነው፣ ግድግዳው ባዶ፣ ወለሉ ሴራሚክ። አንዴ ስታጨበጭቡ ጭብጨባው ጭራ አውጥቶ ከቆየ ክፍሉ ለመቅጃ አይሆንም። ክሊፕ ማይክ ደግሞ ባብዛኛው ከየአቅጣጫው ስለሚሰማ ከግድግዳ የሚመለሰውንም ይለቅማል። ስለዚህ መኝታ ቤት ገባሁ። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ፣ ፊቴን ወደ ልብሶቹ አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከኋላዬ በሩ ላይ ጋቢ ሰቀልኩ። እዚያ ሳጨበጭብ ድምፁ ወዲያው ጠፋ።

አንድ ቀን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ቀዳሁት። ሳሎን ውስጥ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አንድ ሜትር ያህል አርቄ፣ እዚያው ሳሎን በማይኩ፣ ከዚያ ቁም ሳጥኑ ፊት ያለ ማይክ ስልኩን ከአፌ አንድ ስንዝር አስጠግቼ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግራት እህቴን አሰማኋት፣ ሦስተኛውን መረጠች። 600 ብሬ ትንሽ አንገበገበኝ፣ አልዋሽም። ግን ምክንያት አለው፤ አፍ ሲቀርብ ድምፁ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል።

አሁን መጻሕፍት ደራርቤ ስልኩን እላዩ ላይ አስቀምጥና፣ የስልኩ የራሱ ማይክ ያለበትን ታችኛውን ጫፍ ወደ አፌ አዞርና ትንሽ ወደ ጎን አደርገዋለሁ። ፊት ለፊት ከሆነ «ፓፓያ» ስትሉ ትንፋሹ ቡፍ ብሎ ይገባል። ኤርፕሌን ሞድ አልረሳም፣ አንድ ጥሪ ግማሽ ሰዓት ሥራ አበላሽቶብኛልና። ክሊፕ ማይኩን የማወጣው ቆሜ ወይም እየተንቀሳቀስኩ ስናገር ነው። ያኔም ከአገጬ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጌ እሰካውና ነጠላም ሆነ ስካርፍ እንዳይነካው እጠብቃለሁ፣ ኮሽታው በኋላ አይወጣም።

ጋቢውም ልብሱም የውጭ ድምፅ አይከለክሉም። የጎረቤት ጄኔሬተር ሲነሳ ያው ይገባል። እኔ የምቀዳው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፣ ውሾቹ ከፈቀዱ።