123 ነው ወይስ 652? ካርትሬጅን በፎቶ መለየት፣ ከዚያ ኦርጅናል፣ ኮምፓቲብል ወይም ማስሞላት

ሚያዝያ ላይ አንዲት መምህርት ከዘጌ በቴሌግራም ፎቶ ላኩልኝ። መዳፋቸው ላይ የተቀመጠ ጥቁር ካርትሬጅ ነው። «ወንድሜ፣ ይኼ አለህ? ነገ በጀልባ የሚመጣ ልጅ አለ፣ ይይዝልኛል» ይላል መልእክቱ። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግማሹ ተልጦ ስለነበር ቁጥሩ አይነበብም። ቅርጹን ግን ወዲያው አወቅሁት። ችግሩም ያው ቅርጹ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ፔዳ አካባቢ ፕሪንተር እጠግናለሁ፣ ቀለምም እሞላለሁ። በቀን ቢያንስ አንድ ሰው እንዲህ ዓይነት ፎቶ ያሳየኛል። በብዛት የሚመጣው የኤችፒ ትንንሽ ዴስክጄት ካርትሬጅ ስለሆነ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

የኤችፒ 123 እና 652 ካርትሬጆች መልካቸው አንድ ነው። ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ከላይ ካለው ቁጥር በቀር የሚለያቸው የለም። 652 በ123 ፕሪንተር ውስጥ ሲገባ ቀጭ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ ግን የቀለሙ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ ፕሪንተሩም አይቀበለውም። ልዩነቱ ያለው መዳብ መልክ ባላቸው ነጥቦች በኩል ከፕሪንተሩ ጋር በሚነጋገረው ቺፕ ላይ ነው። ዓይን አያየውም።

ፕሪንተሮቹም ስማቸው ይመሳሰላል። ዴስክጄት 2130 የሚወስደው 123 ነው። ዴስክጄት ኢንክ አድቫንቴጅ 2135 ደግሞ 652 ነው የሚወስደው። ያችን አምስት ቁጥር ያላስተዋለ ሰው ገንዘቡን ያጣል። መምህርቷም እኔን ከማግኘታቸው በፊት የደረሰባቸው ይኸው ነበር። ከአንድ ሱቅ «ቅርጹ ያው ነው» ተብለው 652 ገዝተው፣ ዘጌ ደርሰው ሲሞክሩት እምቢ አላቸው። ማሸጊያው ተቀድዶ ስለነበር ሱቁም አልመልስም አለ።

ሌላም አለ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው 2130 ከሆነ የሚፈልገው 123 ሳይሆን 63 ነው። ከአውሮፓ የመጣው 302 ይላል። 123 ለአፍሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ የወጣ ቁጥር ነው። ስለዚህ ፕሪንተሩ ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ አልሸጥም።

ታዲያ ምን ዓይነት ፎቶ ይላክ? መምህርቷን ሦስት ጠየቅኋቸው። አንደኛው የካርትሬጁ አናት ነው፤ ከመስኮት ብርሃን ዘንድ፣ ያለ ፍላሽ። ፍላሽ በሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይጥልና ቁጥሩን ያጠፋዋል። ሁለተኛው ካርትሬጁ የሚገባበትን ክዳን ከፍተው ውስጡን ነው። እዚያ የሚቀበለውን ቁጥር የሚያሳይ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ተለጥፎ ይገኛል። ሦስተኛው በፕሪንተሩ ፊት ለፊት የተጻፈው ስም ነው። ከጀርባው ወይም ከሥሩ ካለው ወረቀት አይደለም! ከሥር በፊደልና በቁጥር የተጻፈው ረዥም ኮድ የቁጥጥር ቁጥር ነው፤ በገበያ የሚታወቅበት ስም አይደለም። ብዙ ሰው እሱን ልኮ ያለፋኛል።

የመምህርቷ ሁለተኛ ፎቶ ነገሩን ፈታው። ክዳኑ ውስጥ 123 ይላል፣ ፊቱ ላይ 2130። ከተላጠው ወረቀት ላይም ትንሿ ኮድ ተርፋ ነበር፤ `F6V17AE`። ያ ጥቁሩ መደበኛ 123 ነው። ባለሦስት ቀለሙ `F6V16AE` ነው። ብዙ ቀለም የያዘው ጥቁር 123XL ደግሞ `F6V19AE`። ትልቁ ቁጥር ቢጠፋ እንኳ ይቺ ኮድ ትበቃለች። SETUP የሚል ከተጻፈበት ግን ከፕሪንተሩ ጋር በካርቶን የመጣው መጀመሪያ ካርትሬጅ ነው። እሱን ከሌላ ሰው በርካሽ አትግዙ፤ ሥራ የጀመረ ፕሪንተር አይቀበለውም።

አሁን ወደ ምርጫው። መምህርቷ ፈተናና ማስታወሻ በሳምንት 60 ገጽ ያህል ያትማሉ፤ ሁሉም ጥቁር ነው። የአንድ ሴሚስተር 16 ሳምንት ብንቆጥር 960 ገጽ ይሆናል።

መደበኛው ኦርጅናል 123 ጥቁር በኩባንያው መለኪያ 120 ገጽ ያህል ያወጣል። 123XL 480 ያወጣል። ስለዚህ ለሴሚስተሩ ወይ ስምንት መደበኛ፣ ወይ ሁለት XL ያስፈልጋል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም እኩል ናቸው፤ የሚለያቸው የተሞላው ቀለም ነው። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ብር አልጠቅስም። ግን XL የመደበኛውን አራት እጥፍ እስካላስከፈላችሁ ድረስ በገጽ የሚረክሰው እሱ ነው። መለኪያው ቀለል ያለ ገጽ ላይ የተሠራ ስለሆነ ጥቅጥቅ ያለ የፈተና ወረቀት የምታትሙ ከዚያ ያነሰ ጠብቁ።

ኮምፓቲብል የሚባለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቀለም ብቻ በሚይዙ፣ የማተሚያ ጭንቅላቱ ፕሪንተሩ ላይ በተገጠመባቸው ሞዴሎች ኮምፓቲብል ማለት ሌላ ፋብሪካ አዲስ የሠራው ዕቃ ነው። 123 ግን እንደዚያ አይደለም። ቀለሙን የሚረጨው ጭንቅላት ራሱ ካርትሬጁ ላይ፣ ከሥሩ ባለችው ቀጭን ሳህን ውስጥ ነው ያለው። ያን ጭንቅላት ከዜሮ መሥራት ከባድ ነው። ስለዚህ የ123 ኮምፓቲብል ሲባል ባብዛኛው ያለቀ ኦርጅናል ተሰብስቦ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ተሞልቶ፣ አዲስ ወረቀት የተለጠፈበት ነው። በአጭሩ ሌላ ሰው የሞላላችሁ ካርትሬጅ ነው የምትገዙት። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንደተሞላ አታውቁም። ሻጩ «ካልሠራ እቀይራለሁ» ካላላችሁ፣ የእኔ ምክር አትግዙ ነው።

ይኼው ዕቃ አንዳንዴ ኦርጅናል ተብሎም ይሸጣል። ሻጩን የመዳብ ነጥቦቹን ቀረብ አድርጎ ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። አዲስ ካርትሬጅ ነጥቦቹና የቀለም ቀዳዳዎቹ በተለጣፊ ፕላስቲክ የተሸፈኑ ናቸው። ተለጣፊው ከሌለ ስልኩ ላይ ፎቶውን አስፍታችሁ እዩ። በየነጥቡ ላይ ጭረት ወይም የመርፌ ጫፍ የምታህል ጠባሳ ካለ፣ የፕሪንተሩ ፒኖች ነክተውታል ማለት ነው። ያ ካርትሬጅ ሠርቷል። በእጅ ይዞ ከማየት ይልቅ በሰፋ ፎቶ የበለጠ ይታያል።

ማስሞላት ከሁሉም ይረክሳል፤ ግን ሰዓቱ ወሳኝ ነው። በጭንቅላቱ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ማሞቂያዎች ቀለሙን አፍልተው በአረፋ ግፊት ያስወጡታል። ቀለም ከሌለ ማሞቂያው ባዶውን ይግልና ይቃጠላል። ስለዚህ ጽሑፉ መደብዘዝ ሲጀምር አቁማችሁ አምጡ። «ትንሽ ይቀራል» ብሎ ነጭ መስመር እስኪወጣ የገፋበት፣ ወይም ባዶውን ወር ያህል መሳቢያ ውስጥ ያቆየው ሰው ካርትሬጅ ብዙ ጊዜ አይድንም። በወቅቱ የመጣ ግን በእኔ እጅ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ተሞልቶ ሠርቷል።

የሚሞላላችሁን ሰው እጅ ተመልከቱ። መርፌው ከወረቀቱ ሥር ባለው ቀዳዳ ወደ ስፖንጁ ይገባል፤ ቀለሙ ቀስ ብሎ ነው የሚገፋው። ለመደበኛው 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ቀለሙ ቀዳዳው አፍ ላይ ብቅ ካለ ሞልቷል፤ ትንሽ መልሶ መሳብ አለበት። ከዚያ ከሥር ያለችው ሳህን እርጥብ ለስላሳ ወረቀት ላይ ጫን ስትደረግ አንድ ያልተቆራረጠ ጥቁር መስመር መተው አለባት። መስመሩ ከተቆራረጠ ገንዘባችሁን ገና አትክፈሉ።

ቀዳዳውን በፕላስተር ድፍን አድርጎ የሚያሽግም አለ። ካርትሬጁ አየር ካልሳበ ቀለም አይለቅም። ምልክቱ የመጀመሪያው ገጽ ጥሩ ወጥቶ ሁለተኛው መደብዘዙ፣ ትንሽ ሲያርፍ ደግሞ ተመልሶ መሥራቱ ነው። ፕላስተሩን ላላ ማድረግ ብቻ ይፈታዋል።

ስለ ቀለሙ ዓይነትም ጠይቁ። የኦርጅናሉ ጥቁር ፒግመንት ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ልብ አይፈስም። አንዳንድ ሞይ በርካሽ የሚገዛውን ዳይ ጥቁር ይሞላል። የታተመውን ካደረቃችሁ በኋላ ጣታችሁን አርጥባችሁ ፊደሉ ላይ አሹት። ጭራ አውጥቶ ከሄደ ዳይ ነው። ለቤት ሥራ ይሆናል፤ በጀልባ ለሚጓዝ ፈተና ግን አይሆንም።

ሞልታችሁ ስትመልሱት ፕሪንተሩ ያገለገለ ነው፣ የቀለም መጠኑም አይታወቅም የሚል መልእክት ያወጣል። እሺ ብላችሁ እለፉት። መጠኑን ከዚያ ወዲያ የምታውቁት ከወረቀቱ ላይ ነው።

ባለቀለሙ ካርትሬጅ ከሞተ ደግሞ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። 2130 አንዱን ካወጣችሁት በቀረው ብቻ ያትማል። ጥቁር ብቻ ለሚያትም ሰው ይኼ ትልቅ ቁጠባ ነው።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፕሪንተሩ በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ካርትሬጁን ወደ ጥግ ወስዶ አፉን ይከድነዋል። እያተመ መብራት ሲሄድበት አፉ እንደተከፈተ ይቀራል፤ በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። መብራቱ ሲመለስ አብርታችሁ፣ ጨርሶ እስኪቆም ጠብቃችሁ፣ በቁልፉ አጥፉት።

ለመምህርቷ የመከርኳቸው አንድ ኦርጅናል 123XL ጥቁር እንዲገዙና በደበዘዘ ቁጥር እንዲያስሞሉት ነው። መጀመሪያ ማንም ያልነካው ጭንቅላት ስለሚያገኙ፣ ስንት ጊዜ እንደተሞላም ራሳቸው ስለሚቆጥሩ። ተስማሙ። ልጁ በማግስቱ መጣ። ካርትሬጁን ከመስጠቴ በፊት ማሸጊያው ላይ ያለውን `F6V19AE` ፎቶ አንሥቼ ላክሁላቸው፤ ክዳኑ ውስጥ ካለው 123 ጋር አስተያይተው «ይኸው ነው፣ ስጠው» አሉኝ።