ቀጭኑ የአክሪሊክ ማጣበቂያ ከወራት አገልግሎት በኋላ

አዳማ በሚገኘው የማስታወቂያ ሥራ ቤታችን ለወርቅ ቤቶችና ለዋንጫዎች የሚሆኑ ጥርት ያሉ የማሳያ ሳጥኖችን አክሪሊክ ከተባለው መስታወት መሰል ፕላስቲክ የምንገጣጥመው፣ ዋና ይዘቱ ዳይክሎሮሜቴን በሆነና እንደ ውሃ በሚፈስ ማጣበቂያ ነው። ከወራት አገልግሎት በኋላ ፍርዴን ባጭሩ ለመናገር፣ ፈሳሹ ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ መገጣጠሚያው ጥርት ብሎ መቅረቱን ወይም በቀጫጭን ስንጥቆች መሞላቱን የሚወስነው ግን ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት በጠርዙ ላይ የደረሰው ነገር ነው።

ይህ ማጣበቂያ በሁለት ገጾች መካከል የሚደርቅ ሙጫ አይደለም። የአክሪሊኩን ገጽ አሟሙቶ ሁለቱን ክፍሎች አንድ ያደርጋቸውና ራሱ ተንኖ ይጠፋል። በዚህም ምክንያት ክፍተት መሙላት አይችልም፤ ጠርዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ካልሆነ በየመሃሉ አረፋ ይቀራል።

በቅርቡ የሠራሁት ባለ 5 ሚሊ ሜትር የዋንጫ ሳጥን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጎኖቹን በክብ መጋዝ ካስቆረጥኩ በኋላ እያንዳንዱን ጠርዝ በሹል የብረት መፋቂያ፣ የመጋዙ ጥርስ ምልክት እስኪጠፋ ድረስ ፋቅሁት፤ ከጠርዙ ላይ ረጅምና ያልተቆራረጠ ቀጭን ልጣጭ መውጣት ሲጀምር ሥራው እየተስተካከለ መሆኑን ማወቅ ይቻላል። ከዚያም ቁጥር 400 የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግቼ፣ ውሃ እያስነካሁ ጠርዙን ቀጥ አድርጌ አለሰለስኩት። የሚጣበቀው ጠርዝ ማንጸባረቅ የለበትም፤ የደበዘዘ ቢሆንም ማጣበቂያው ያጠራዋል። በእሳት ነበልባል ማንጸባረቅ ጠርዙን ያሞቀዋል፣ በጨርቅ መንኮራኩር መወልወል ደግሞ ማዕዘኑን ያዶለዱመዋል።

ስንጥቅ የሚመጣው ከዚሁ ሙቀት ነው። ሌዘር፣ ነበልባል ወይም የደነዘ መጋዝ ጠርዙን ሲያሞቀው፣ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ተወጥሮ ይቀራል፤ ማጣበቂያው ይህን የተወጠረ ገጽ ሲነካው ውጥረቱ በሸረሪት ድር መሰል ስንጥቆች ይፈታል። ይህን ለማየት ከአንድ ሰሌዳ ሦስት ቁራጮች ወስጄ አንዱን በሌዘር፣ ሁለተኛውንም በሌዘር አስቆርጬ ነገር ግን ሁለት ሰዓት በ80 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አቆይቼ፣ ሦስተኛውን ደግሞ በመጋዝ ቆርጬና ፍቄ አጣበቅኋቸው። በማግስቱ የመጀመሪያውን ቁራጭ ወደ ብርሃን አዘንብዬ ስመለከተው ከመገጣጠሚያው መስመር አጠገብ የሚያብለጨልጩ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩበት፤ ሁለቱ ግን እስካሁን ንጹሕ ናቸው። ምድጃ የሚጠቀም ሰው መከላከያውን ፕላስቲክ አስቀድሞ ልጦ፣ ሙቀቱን በተለየ ቴርሞሜትር አረጋግጦ፣ አክሪሊኩን እዚያው ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ቢተወው ይሻላል፤ በድንገት ከቀዘቀዘ ውጥረቱ ይመለሳል።

ሲጣበቅ በሁለቱ ክፍሎች መካከል የፀጉር ያህል የቀጠኑ ሽቦዎች በየርቀቱ አስቀምጣለሁ፤ ፈሳሹን በመርፌ ባለው ጠርሙስ በመስመሩ ላይ አስኬድና ጠርዙ እስኪለሰልስ ጥቂት ሰከንዶች ጠብቄ ሽቦዎቹን እስባለሁ። ፈሳሹ የደረሰበት ቦታ ወዲያውኑ ሲጠራ ያልደረሰበት የብር ቀለም ይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ ጉድለቱ ገና እርጥብ ሳለ በዓይን ይለያል። ወደ ገጹ የፈሰሰ ጠብታ ቢኖር አይጠረግም፤ ሳይነኩት እንዲተን ሲተዉት ጉዳቱ ያንሳል።

የአዳማ ሙቀት በዚህ ሥራ ላይ የራሱ ጫና አለው። ዳይክሎሮሜቴን በባሕር ወለል በ40 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በእኛ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ወደ 34 ይወርዳል፤ በመሆኑም ጠርሙሱ በእጅ ሙቀት ብቻ ከመርፌው ይረጫል። ከሰዓት በኋላ ፈሳሹ ከመስመሩ ጫፍ ሳይደርስ ስለሚተን የማጣበቁን ሥራ ወደ ማለዳ አዛውሬዋለሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት የተነሣ መገጣጠሚያው ነጭ ደመና ሊለብስ ስለሚችል ዝናብ በያዘ ቀን አላጣብቅም። ትነቱ ለጤና ጎጂ በመሆኑ በሮቹና መስኮቶቹ ተከፍተው ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ብቻ መሠራት አለበት፤ ቀጭን የላቴክስ ጓንትም ፈሳሹን አያስቆመውም።

ሳጥኑ በደቂቃዎች ውስጥ ለመነካት ቢበቃም ሙሉ ጥንካሬ እስኪያገኝ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድረዋለሁ። ለደንበኞቼ በሳሙና ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ እንዲያጸዱት እነግራቸዋለሁ፤ አልኮልና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ውጥረት የቀረበትን ጠርዝ ከወራት በኋላም ቢሆን ሊሰነጥቀው ይችላል። ማጣበቂያውን ለማሳያ ሳጥን ያለ ማመንታት እገዛዋለሁ፤ ለዓሣ ገንዳና ውሃ ለሚሸከም ዕቃ ግን ክፍተት የሚሞላ ወፈር ያለ ማጣበቂያ ስለሚያስፈልግ ይህን አልጠቀምም።