የሥራ ማስረጃ ፋይል ወይስ ሠርቶ ማሳየት?

ለዓመታት የቤት ኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጋ የኖረ፣ ግን በትምህርት ብዙም ያልገፋ ባለሙያ ችሎታውን በሁለት መንገድ ሊያስመዝን ይችላል። አንዱ የሥራ ማስረጃዎቹን በፋይል ማቅረብ ነው። ሌላው መዛኙ ፊት ሠርቶ ማሳየት ነው።

የፋይሉ ጥቅም ስፋቱ ነው። በአንድ ቀን ፈተና የማይታዩ የተለያዩ ሥራዎችን ያሳያል። የሚወድቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ በፎቶ ነው። ያለቀለት የማከፋፈያ ሳጥን ፎቶ ማን እንደሠራው አይናገርም። ሽቦውን ከመንካቱ በፊት ኃይል መቋረጡን በመለኪያ ማረጋገጡንም አያሳይም። ስለዚህ ሥራው ገና ሳያልቅ፣ መለኪያው በእጁ እንዳለ የተነሳ ፎቶ ይሻላል። የአሠሪ ደብዳቤም እንደዚሁ ነው። «ጎበዝ ሠራተኛ ነው» የሚል ብዙ አይረዳም። «የሦስት ክፍል ቤት መስመር ብቻውን ዘርግቶ፣ ፈትሾ አስረክቧል» የሚል ግን ክብደት አለው። ቀን ይኑረው። ማስረጃው ሁሉ የቆየ ከሆነ መዛኙ ችሎታው ዛሬም መኖሩን ይጠራጠራል፤ እውነቱንም ነው።

ሠርቶ ማሳየት ወረቀት ለሌለው ሰው ፍትሐዊ ነው። እጁ ይናገርለታል። ግን የሚመዘነው በዚያ ቀን በታየው ሥራ ነው፤ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ብልሽት ላይነሳ ይችላል።

እኔ ብመክር፣ ጥቂትም ማስረጃ ያለው በፋይሉ ይጀምር። ፋይሉ ያላሳየውን፣ ለምሳሌ የፍተሻውን ቅደም ተከተል፣ ብቻ ሠርቶ ያሳይ። መጻፍ የሚከብደው ደግሞ ሥራውን በቃል ማስረዳት ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።