ነፍሰ ጡር ላይ ትርፍ አንጀት ሲጠረጠር፦ አልትራሳውንድ፣ ኤምአርአይ ወይስ ሲቲ ስካን?

የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ከሆዷ በታች በቀኝ በኩል ሕመም ጠንቶባት ትኩሳትና ማስመለስ ከተከተለ ትርፍ አንጀት ይጠረጠራል። ከሦስቱ ምርመራዎች የትኛው ይሻላል?

መጀመሪያ አልትራሳውንድ ነው። በድምፅ ሞገድ ስለሚሠራ ጨረር የለውም፤ ዋጋውም ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው። መርማሪው ሆዷን ጫን ሲል የማይጨፈለቅና ከ6 ሚሊሜትር በላይ የሰፋ ትርፍ አንጀት ካየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ነገር ግን ማህፀን እያደገ ሲሄድ አንጀቶችን ከቦታቸው ስለሚገፋ ብዙ ጊዜ ትርፍ አንጀቱ አይገኝም። ውጤቱ ላይ «አልታየም» ተብሎ ከተጻፈ «ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም። ሕመሙ ሳይለቃት ይህን ወረቀት ይዛ ወደ ቤት መሄድ የለባትም።

ያኔ ተመራጩ ኤምአርአይ ነው። በማግኔት ስለሚሠራ እሱም ጨረር የለውም። ጋዶሊኒየም የሚባለው፣ ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጥ ኮንትራስት ግን ወደ ጽንሱ ስለሚያልፍ ይቅርባት፤ ለትርፍ አንጀት ያለ እሱም ይታያል። በዚህ የእርግዝና ጊዜ በጀርባ መተኛት ትልቁን የደም ሥር ሊጫን ስለሚችል ወደ ግራ ዘንበል እንዲያደርጓት ትጠይቅ።

ኤምአርአይ በአቅራቢያ ከሌለ ወይም ቀጠሮው ከራቀ፣ ሲቲ ስካንን ፈርቶ መጠበቅ ስህተት ነው። በሆድ ሲቲ ጽንሱን የሚደርሰው ጨረር በአብዛኛው 25 ሚሊግሬይ ገደማ ነው። ከ50 በታች የአካል ጉድለት ወይም ውርጃ እንደሚያስከትል አልታየም። በልጅነት ካንሰር የመያዝ ዕድልን በጥቂቱ ሊጨምር ይችላል፤ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ግን ለጽንሱ ከዚህ እጅግ የከፋ አደጋ ነው።

«ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ሽርጥ ካላለበሱኝ ራጅም ሲቲም አልነሳም» የሚሉ እናቶች አሉ። ሆድ ሲነሳ ሽርጡ የሚፈለገውን ቦታ ይሸፍናል፤ ማሽኑም ጨረሩ እንዳላለፈ ቆጥሮ መጠኑን ሊጨምር ይችላል። ደረት ሲነሳ ደግሞ ጽንሱ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ጨረር በዋናነት በራሷ ሰውነት ውስጥ ተበትኖ የሚመጣ ስለሆነ ከላይ የለበሰችው ሽርጥ አያስቆመውም። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2019 ታካሚዎችን በሽርጥ የመሸፈን ልማድ እንዲቀር የመከረው ለዚህ ነው። ሽርጡ በእርግጥ የሚጠቅመው ክፍሉ ውስጥ የሚቆመውን ሠራተኛና አስታማሚ ነው። ለጽንሱ የሚጠቅመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «አንድ ዙር ብቻ ይበቃል ወይ?» ሲቲ ስካኑን በሁለት ዙር ከተነሳች ጨረሩም እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ከሁሉም የከፋው «ራጅ የተነሳች ነፍሰ ጡር ማስወረድ አለባት» የሚለው አባባል ነው። የደረት ራጅ ለጽንሱ የሚያደርሰው ከ0.01 ሚሊግሬይ ያነሰ ነው፤ በዘጠኙ ወር ከአካባቢው በተፈጥሮ የሚደርሰው ግን 1 ሚሊግሬይ ገደማ ነው። እርግዝናዋን ሳታውቅ የተነሳች እናት የትኛው የሰውነቷ ክፍል ስንት ጊዜ እንደተነሳና ማሽኑ የመዘገበውን የጨረር መጠን በጽሑፍ ትቀበል። ሐኪሟ ጽንሱን የደረሰውን መጠን የሚያስገምተው ከዚያ ነው።