ከሚኒባስ መስኮት የተቀረጸ ቪዲዮ እንደ ጄሊ ሲርገበገብ፦ ማስተካከሉ ሲቀረጽ ይሻላል ወይስ በኤዲቲንግ?

ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚኒባስ እየሄድኩ ስልኬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ቀረጽኩ። ቤት ገብቼ ሳየው የመብራት ምሰሶው ዘሟል፣ ሕንፃው ደግሞ እንደ ጄሊ ይርገበገባል። የስልክ ካሜራ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው፤ ይህ rolling shutter ይባላል። ንባቡ የሰከንድ 1/50ኛ ከፈጀ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ቅጽበት 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ምስሉን ከላይ እስከ ታች የሞላ ምሰሶ ጫፉና ሥሩ በዚያው ልክ ይለያያሉ።

መዝመሙና መርገብገቡ ግን መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። የዘመመውን Premiere Pro የተባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ያለው Rolling Shutter Repair ብዙ ጊዜ ያቃናዋል። Rolling Shutter Rate የሚለውን ምሰሶው ቀጥ እስኪል ማስተካከል ነው። መኪናው አጠገብ ያለ ነገር ግን ከሩቁ ይበልጥ ስለሚዘም፣ አንዱ ሲቃና ሌላው ሊጣመም ይችላል።

የሞተሩን ንዝረት ኤዲቲንግ እምብዛም አያድነውም። አንድ ፍሬም ተነቦ ሳያልቅ ስልኩ ወዲያ ወዲህ ስለሚል፣ የኤዲቲንግ ማረጋጊያው ጠርዙን እየቆረጠ መሀሉን እንደተርገበገበ ይተወዋል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው አያያዝ ነው፦ ስልኩም ክርኑም ከመስታወትና ከበር ይራቁ፤ ክንድ ንዝረቱን ይውጠዋል። በሰከንድ 60 ፍሬም መቅረጽም ይረዳል፤ ካሜራው አንዱን ፍሬም ከ1/60ኛ ሰከንድ በታች አንብቦ እንዲጨርስ ይገደዳልና። የሹተር ፍጥነት መጨመር ግን ብዥታውን ያጠፋና መርገብገቡን ጭራሽ ያጎላዋል።

እኔ ክንዴን እመርጣለሁ፣ ወያላው ጠጋ በል እስኪለኝ ድረስ።