ባለቀለሙ ስትሪፕ ከ8 ወር በኋላ፦ አንድ አምፖል ብቻ ባለው ሳሎን ውስጥ

ሳሎኑ ደብረ ብርሃን ያለ፣ 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ነው። ኮርኒሱ መሀል ላይ አንድ ፖርታላምፓ፣ በሩ አጠገብ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሶኬት ደግሞ ሁለት አሉት፤ አንዱ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ሌላው ከረጅሙ ሶፋ ጎን። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ልስኑን ሰንጥቆ አዲስ መስመር መቅበር አልተፈለገም። የተገዛው ሦስት ነገር ነው፦ ለኮርኒሱ 9 ዋት ቢጫ አምፖል፣ ለንባብ ክንዱ የሚታጠፍ የቁም መብራት፣ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው የመንዝ ባና ደግሞ 5 ሜትር ባለቀለም ስትሪፕ፣ ማለትም ጥቃቅን መብራቶች የተደረደሩበት ቀጭን ጥብጣብ፣ ከነሪሞቱ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያለ እንከን እየሠሩ ነው። ስትሪፑ ግን ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አበሳጭቷል፤ ይህም ግምገማ በአብዛኛው የእሱ ነው።

ስለ ሁለቱ በአጭሩ ልበል። ኮርኒሱ ላይ የነበረው 18 ዋት ነጭ አምፖል ወርዶ በ3000 ኬልቪን ቢጫ ተተካ። ቀድሞ አንዱ አምፖል ሁሉንም ሥራ ይሠራ ስለነበር ጉልበተኛ መሆን ነበረበት፤ አሁን ድርሻው ሰው ሳይደናቀፍ እንዲያልፍና ፊት ለፊት የተቀመጠው እንዲታይ ማድረግ ብቻ ነው፣ ለዚህ 9 ዋት በቂ ነው። ነጩን እዚያው ትቶ ሌሎቹን ቢጫ ማድረግ አያዋጣም፤ ነጭና ቢጫ ጎን ለጎን ሲበሩ ቢጫው የቆሸሸ ይመስላል። የቁም መብራቱ ደግሞ የሚያዋጣው በዋቱ ሳይሆን በቅርበቱ ነው። ኮርኒሱ 2 ሜትር ከ80 ላይ፣ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው መጽሐፉ 70 ሴንቲሜትር ላይ ነው፤ አምፖሉ ልክ ከአናት በላይ ቢሆን እንኳ ርቀቱ 2 ሜትር ከ10 ይሆናል። የክንዱ አምፖል ግን ከመጽሐፉ 70 ሴንቲሜትር ብቻ ይርቃል። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲቀንስ ብርሃኑ ዘጠኝ እጥፍ ይጨምራል፤ ያውም በዚያው 9 ዋት አምፖል። በዚያ ላይ የኮርኒሱ አምፖል ሳሎኑ መሀል፣ ሶፋው ደግሞ ግድግዳው ሥር ስለሆነ ጎንበስ ብሎ የሚጽፍ ልጅ የራሱ ጥላ ደብተሩ ላይ ይወድቅበታል። በቀኝ እጁ ለሚጽፍ ልጅ መብራቱ በግራ ትከሻው በኩል ይቁም።

አሁን ወደ ስትሪፑ። «16 ቀለም አለው፣ ነጭም ይሰጣል፣ አዳፕተሩም አብሮ ነው» ተብሎ ነው የተሸጠው። ሱቁ ውስጥ እንደተጠቀለለ ተሰክቶ ቀይ በራ፣ ሰማያዊ በራ፣ ደስም አለ። ቤት ገብቶ ተዘርግቶ ነጩ ሲጫን ግን ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ አዳፕተሩም እጅ የማያስነካ ሆነ። እዚህ ላይ ሻጩን በሒሳብ መሞገት ይቻላል። ይህ ዓይነቱ ስትሪፕ በአንድ ሜትር 60 የመብራት ፍሬ አለው፣ በአንድ ሜትርም 14.4 ዋት ይበላል። 5 ሜትሩ 72 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት ሲካፈል 6 አምፔር። አብሮ የተሰጠው አዳፕተር ግን 2 አምፔር፣ ማለትም 24 ዋት ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ ያልታየበት ምክንያትም ይኸው ነው፦ ቀይ ብቻ ሲበራ ከሦስቱ ቀለሞች አንዱ ብቻ ስለሚሠራ ፍላጎቱ ወደ 24 ዋት ይወርዳል፣ አዳፕተሩም እንደምንም ይችለዋል። ነጭ ማለት ሦስቱም በአንድ ላይ ማለት ነው። ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች ሱቅ ውስጥ ነጩን አስበሩ፤ ያውም ጥቅሉን አስፈትታችሁ፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ። ተጠቅልሎ ከበራ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ስትሪፑ ራሱ ይጎዳል።

አዳፕተሩ በ8 አምፔር ተቀየረ። 72 ዋትን ልክ በልክ 6 አምፔር ላይ ማሠራት አዳፕተሩን ሁልጊዜ እስከ ጥግ መግፋት ነው፤ ከአዳፕተሩ አቅም 20 በመቶው ትርፍ እንዲሆን ሲታሰብ 7.5 ይመጣል፣ ገበያ ላይ ያለው ቀጣዩ ደግሞ 8 ነው። ብልጭታው ጠፋ። ግን ሌላ ጉድ ታየ፦ መነሻው ላይ ነጭ የሆነው ብርሃን ወደ ጫፉ ሲሄድ ወደ ሮዝ፣ ከዚያም ወደ ብርቱካን እያደላ፣ እየደከመም ሄደ። ባናው በግራ በኩል አንድ ቀለም፣ በቀኝ በኩል ሌላ ቀለም ሆነ።

ሻጮች ይህን ሲሰሙ «አዳፕተሩ ነው» ይላሉ። አይደለም፤ በቴስተር መለየት ይቻላል። ነጩ በርቶ ሳለ መጀመሪያ መነሻው ላይ፣ ቀጥሎ ጫፉ ላይ ቮልቱን መለካት ነው። መነሻው ራሱ ከ12 በጣም ከወረደ ችግሩ አዳፕተሩ ነው። መነሻው 12 ሆኖ ጫፉ ከወረደ ግን ችግሩ ስትሪፑ ውስጥ ያለው ስስ መዳብ ነው። የዚህኛው መነሻው 12፣ ጫፉ 9.6 ነበር። 2.4 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ሮዝ የሚሆነው ለምንድን ነው? ፍሬዎቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ በተከታታይ ነው የተያያዙት። ሰማያዊና አረንጓዴ ፍሬ እያንዳንዱ ወደ 3 ቮልት ስለሚፈልግ ሦስቱ 9 ይወስዳሉ፤ ቀዩ ወደ 2 ቮልት ስለሚበቃው ሦስቱ 6 ብቻ። ጫፉ ላይ 9.6 ሲደርስ ለሰማያዊውና ለአረንጓዴው የቀረው ትርፍ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ቀዩ ግን ገና ብዙ አለው። እነዚያ ሲደክሙ ቀዩ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ስትሪፑ በየ5 ሴንቲሜትሩ የመቁረጫ ምልክት አለው። 2.5 ሜትሩ ላይ ተቆርጦ አራቱም ሽቦዎች መሀሉ ላይ በካውያ ተበየዱ፣ መብራቱም ከመሀል ተነስቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲሄድ ተደረገ። እያንዳንዱ ክንድ ርዝመቱ ግማሽ፣ የሚሸከመው ከረንትም ግማሽ ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልት ወደ ሩብ ይወርዳል። 2.4 የነበረው 0.6 ሆነ፣ ጫፉም 11.4 ላይ ቆመ። ሮዙ ጠፋ። እዚህ ድረስ ያለው ጥፋት የስትሪፑ ሳይሆን «ሰክቶ መዘርጋት ነው» ብሎ የሚሸጠው ሰው ነው።

የማይታረመው ጥፋት ከዚህ በኋላ ነው የታየው። ነጩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ በኋላም ባናው አላማረም። ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ነጩ ሰማያዊ ይነካዋል፣ ቡናማው ደግሞ ሕይወት የሌለው አመድማ ይሆናል። ያ ቡናማ ከበጉ ጀርባ የመጣ፣ ቀለም ያልነካው የተፈጥሮ ሱፍ ነው፤ ባናውን ባና የሚያደርገውም እሱ ነው። ባለሦስት ቀለሙ ስትሪፕ ነጭ የሚያስመስለው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስት ቀጫጭን ብርሃኖችን ደርቦ ነው። በአረንጓዴውና በቀዩ መካከል፣ ቢጫውና ወርቃማው ባለበት ቦታ፣ ክፍተት አለ። ቡናማ ሱፍ ወደ ዓይን ከሚመልሰው ብርሃን ትልቅ ድርሻ ያለው ከዚያ አካባቢ ስለሆነ፣ ያልተሰጠውን ሊመልስ አይችልም። የሪሞቱን ቁልፍ ማገላበጥ ይህን አያድነውም። ለጠላ ቤት ወይም ለልደት ይሁን፤ ለሱፍ፣ ለእንጨትና ለሰው ፊት ግን ይህ ዕቃ አይሆንም፣ መግዛቱም ስህተት ነበር።

በቦታው የገባው ባለአንድ ቀለም ቢጫ ስትሪፕ ነው፦ 3000 ኬልቪን፣ ካርቶኑ ላይ ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው ሲአርአይ 90 የሚል፣ በሜትር 4.8 ዋት። ባናው 2 ሜትር ከምናምን ስለሆነ 2.5 ሜትር በቃው። 2.5 በ4.8 ሲባዛ 12 ዋት፣ ማለትም 1 አምፔር። ያ መጀመሪያ የጋለው ባለ2 አምፔር አዳፕተር እዚህ ላይ ግማሽ ሸክሙን ብቻ ይዞ ምሽቱን ሙሉ ለብ ከማለት አያልፍም። በዚህ ርዝመትና በዚህ ዋት ጫፉም አይደክም።

አሰቃቀሉ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይባል። ስትሪፑን በራሱ ማጣበቂያ የውኃ ቀለም ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይሠራም፤ ማጣበቂያው ከግድግዳው ሳይሆን ከላዩ ካለው ዱቄት ጋር ነው የሚይዘው፣ በሳምንት ውስጥ ዱቄቱን ይዞ ይወርዳል። የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ላይ ለጥፎ፣ ፕሮፋይሉን ከጣውላ ጋር በብሎን ማሰር ነው። ጣውላው ከባናው በላይ፣ ከግድግዳው 12 ሴንቲሜትር ወጣ ብሎ፣ ፊቱ ላይ ፍሬዎቹን ከዓይን የሚጋርድ ከንፈር ኖሮት ተሰቀለ። 3 ሴንቲሜትር ላይ ሲሞከር የባናው አናት ብቻ ነዶ ታቹ ጨለመ፤ 40 ላይ ሲሞከር ብርሃኑ ከፊት ስለሚመታው ሱፉ ጠፍጣፋ ሆነ። 12ቱ ላይ ብርሃኑ ሱፉን እየላሰ ስለሚወርድ የእያንዳንዱ ድርና ማግ ጥላ ይታያል፤ የሽመናው ጉብታ በእጅ የሚዳሰስ ይመስላል። ለዚህ ግን የኮርኒሱ አምፖል ዝቅ ያለ መሆን አለበት። አንድ ነገር ጎልቶ እንዲታይ ከአካባቢው ሦስት እጥፍ ያህል ብርሃን ማግኘት አለበት፤ ያ 18 ዋት ነጭ ኮርኒሱ ላይ ቢቆይ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ጭራሽ አይታይም ነበር።

የቁም መብራቱን ደግሜ እገዛዋለሁ፣ ቢጫውን ስትሪፕም እንዲሁ። ባለቀለሙን ግን በነፃ ቢሰጡኝም ለሳሎን አልሰቅለውም። አሁን የቀረው ጉድለት ማጥፊያው ነው፦ የባናው መብራት የሚጠፋው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እጅ ሰዶ ከሶኬቱ በመንቀል ነው። በ220 ቮልቱ ገመድ ላይ፣ ከአዳፕተሩ በፊት፣ ባለአውራ ጣት ማጥፊያ ይገባበታል፤ ከአዳፕተሩ በኋላ ቢገባ አዳፕተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሶኬቱ ላይ ኃይል እንደተሰጠው ያድራል።