በአንድ የዊዳል ውጤት ብቻ የታይፎይድ መርፌ ከመጀመራችሁ በፊት

ትኩሳት ይዞት የግል ክሊኒክ የገባ ሰው ደም በሰጠ በግማሽ ሰዓት ውስጥ «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ የአሥር ቀን መርፌ ሲታዘዝለት ማየት የተለመደ ሆኗል። አንድ ዘመዴ ከመተማ እንደተመለሰ ትኩሳት በጀመረው በሦስተኛው ቀን የተሰጠው የዊዳል ውጤት ወረቀት «ኦ 1:80፣ ኤች 1:160» ይላል፤ ሌላ ምርመራ አልታዘዘለትም። መርፌውን እየወሰደ ትኩሳቱ ስላልለቀቀው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ፊልም ሲታይለት ወባ ተገኘበት።

የዊዳል ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያሉት ኦ እና ኤች የአንቲቦዲው ሁለት ዓይነቶች ናቸው። 1:160 ማለት የታማሚው ሴረም 160 እጥፍ ቀጥኖም ከባክቴሪያው አንቲጅን ጋር ሲቀላቀል አሁንም ተጓጉሎ ታይቷል ማለት ነው። አንቲቦዲው ግን በአብዛኛው መታየት የሚጀምረው ከመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ወዲህ ስለሆነ፣ በሦስተኛው ቀን የተገኘ 1:160 የዛሬውን ሕመም ሳይሆን የቀድሞውን የመናገር ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በተለይ ኤች የሚባለው አንቲቦዲ በሽታው ካለፈ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ጤነኛ ሰውም እንዲህ ያለ ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ ወባና ሌሎች የሳልሞኔላ ዝርያዎችም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። በዚያ ላይ በመስታወት ስላይድ ላይ የሚሠራው ፈጣን ዘዴ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መነበብ ሲገባው ቆይቶ ከተነበበ፣ ጠብታው እየደረቀ የተጓጎለ ይመስላል።

ትርጉም የሚኖረው ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት በተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች፣ በአንድ ላቦራቶሪና በአንድ ዘዴ ተሠርቶ፣ ቁጥሩ አራት እጥፍ ሲጨምር፣ ለምሳሌ ከ1:80 ወደ 1:320 ሲወጣ ነው። ከ1:80 ወደ 1:160 መውጣቱ የአነባበብ ልዩነት ብቻ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ዝቅተኛ ቁጥርም፣ በተለይ በሕመሙ መጀመሪያ ላይ ወይም አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ፣ ታይፎይድ የለም አያሰኝም።

በትኩሳት የሚሠቃይ ሰው ሁለት ሳምንት ይጠብቅ ማለት እንደማይቻል ግልጽ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ታይፎይድን ከጠረጠረ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ ለሚፈልገው የደም ካልቸር ናሙና እንዲወሰድ፣ ወባ ካለበት አካባቢ ከመጣችሁም የደም ፊልም እንዲታይ ጠይቁ። ካልቸር ቀናት ይወስዳል፣ ብዙ ታማሚዎችንም ያመልጠዋል፤ ባክቴሪያው ከተገኘ ግን የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ጭምር ያሳያል። ሕመሙ የጠና ከሆነ ሐኪሙ ናሙናውን ወስዶ ውጤቱን ሳይጠብቅ ሕክምና መጀመሩ ተገቢ ነው፤ የተጀመረ መድኃኒትም በራስ ውሳኔ አይቋረጥም።

ዘመዴ መርፌውን ሲጨርስ ያ ክሊኒክ «መልቀቁን እንይ» ብሎ ዊዳሉን እንደገና አስከፍሎ ሠራለት፤ ቁጥሩ ያው በመሆኑ «ገና አልለቀቀህም» ተብሎ ሁለተኛ ዙር መርፌ ታዘዘለት። አንቲቦዲ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ስለማይጠፋ ዊዳል መዳንን አያሳይም፤ ለዚህ ዓይነቱ ድጋሚ ምርመራ ገንዘብ አትክፈሉ።